ሥራው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የማይጠይቅ ተራ አስከባሪ

አንድ ሰው የልደት ካርዱን ኮፒ ለማስደረግ ፎቶ ኮፒ ቤት ይገባል። ከፊቱ የመመረቂያ ጽሑፏን በ5 ቅጂ የምታስደርግ ተማሪ ቆማለች። ተማሪዋ «አንተ ቅደም» ብትለው ግማሽ ደቂቃ ትዘገይ እንደሆነ እንጂ የምትጎዳው ነገር የለም። እሷ ከቀደመች ግን ሰውዬው ለአንዲት ገጽ ብሎ አንድ ሰዓት ይቆማል። ሁሉም ወረፋተኛ የሚጠብቀው ጊዜ ሲደመር፣ አጭሩን ሥራ ማስቀደም ከማንኛውም ሌላ አሰላለፍ ያነሰ ድምር እንደሚሰጥ በሒሳብም የተረጋገጠ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ይህን ለማድረግ የወረቀቱን ውፍረት ማየት ይበቃዋል።

የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ግን የሚያየው ውፍረት የለም። አንድ የፕሮሰሰር ኮር በአንድ ቅጽበት የሚያስኬደው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። በየትኛው ቅጽበት የትኛው ፕሮግራም እንደሚገባ የሚወስነው ስኬጁለር የሚባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ክፍል ነው፤ እዚህ ተራ አስከባሪ እንበለው። በፊቱ የተሰለፉት ፕሮግራሞች ምን ያህል እንደሚቆዩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ያው አንዱ ፕሮግራም በትንሽ ፋይል 1 ሚሊ ሰከንድ፣ በትልቅ ፋይል ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። በስህተት የተጻፈ ከሆነ ደግሞ እስከ መቼም ላያልቅ ይችላል። ባለቤቱን ጠይቆ መመዝገብም መፍትሔ አይሆንም፤ አጭር የሚቀድም ከሆነ ሁሉም «የእኔ አጭር ነው» ማለቱ አይቀርም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የወደፊቱን የማያውቅ ተራ አስከባሪ እንዴት አድርጎ አጭሩን ሥራ ያስቀድማል? ለዚህ የተገኘው መልስ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መልቲሌቭል ፊድባክ ኪው ይባላል። በአማርኛ ባለ ብዙ እርከን የግብረ መልስ ወረፋ ልንለው እንችላለን። ከኮምፒውተር ሳይንስ ሐሳቦች ውስጥ እንዲህ በቀላል ቃል የሚነገር፣ ጥበቡ ግን ሲመረመር የሚሰፋ ብዙ አይገኝም።

ሐሳቡ የተወለደው በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በኤምአይቲ ነው። እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ በዚያ ያለ ተመራማሪ ፕሮግራሙን በካርድ በስቶ ለኮምፒውተር ክፍሉ ሠራተኞች ያስረክብና ውጤቱን ለመቀበል ሰዓታትን፣ አንዳንዴም እስከ ማግሥቱ ይጠብቅ ነበር። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከተሳሳተ ደግሞ እንደገና ሌላ ቀን ነው። በህዳር ወር 1961 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ፈርናንዶ ኮርባቶና የሥራ ባልደረቦቹ አንድን ኮምፒውተር ብዙ ሰዎች በየፊናቸው ባሉ የጽሕፈት መኪናዎች በአንድ ጊዜ የሚያዝዙበትን ስርዓት አሳዩ። ስሙ ሲቲኤስኤስ ይባላል። በ1962 ኮርባቶ፣ ማርጆሪ ሜርዊን ዳጌትና ሮበርት ዴሊ ስለ ስርዓቱ ባቀረቡት ጽሑፍ ውስጥ ነው ባለ ብዙ እርከኑ ወረፋ ተተንትኖ የወጣው። ኮርባቶ በ1990 በዘርፉ ትልቁ ሽልማት የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብሏል።

ያኔ ችግሩ ከዛሬው ይልቅ የከበደ ነበር። ሲቲኤስኤስ በኋላ ይሠራበት የነበረው የተሻሻለ አይቢኤም 7094፣ ሁለት የማስታወሻ ክፍሎች ነበሩት፤ እያንዳንዳቸው ባለ 36 ቢት 32,768 ቃላት ይይዛሉ። አንደኛው ለስርዓቱ ለራሱ የተያዘ ነው፤ ለተጠቃሚዎች የሚቀረው ሌላኛው ብቻ ነው። የአንዱ ተራ ሲያልቅ ፕሮግራሙ ከማስታወሻው ወጥቶ ወደ ዲስክ ወይም ወደ ድራም ይጻፋል፣ የሌላው ይጫናል። ሰዎችን ለማቀያየር ሲባል ማሽኑ ብዙ ጊዜውን ፕሮግራም በማውጣትና በማስገባት ሊጨርሰው ይችላል ማለት ነው።

ኮርባቶና ባልደረቦቹ ያቆሙት ደንብ ይህን ይመስላል። አንድ ወረፋ ሳይሆን ብዙ ወረፋዎች በእርከን ይደረደራሉ። ተራ አስከባሪው ሁልጊዜ የሚያነሣው ከላይኛው እርከን ነው፤ ላይኛው ባዶ ሲሆን ብቻ ወደሚቀጥለው ይወርዳል። በአንድ እርከን ውስጥ ያሉት በመጡበት ቅደም ተከተል ይስተናገዳሉ። በላይኛው እርከን ያለ ፕሮግራም አንድ የጊዜ ድርሻ ይሰጠዋል። በዚያ ድርሻ ውስጥ ከጨረሰ ወይም የሰው ትእዛዝ ለመጠበቅ ከቆመ መልካም ነው። ካልጨረሰ ወደ ሁለተኛው እርከን ይወርዳል፤ እዚያ ሲደርሰው የሚያገኘው 2 ድርሻ ነው። እሱም ካልበቃው ሦስተኛው ላይ 4፣ አራተኛው ላይ 8፣ እያለ በእጥፍ ያድጋል።

በዚህ ደንብ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር አለች፤ እኔ በጣም ነው የምወዳት። አዲስ ፕሮግራም ሲገባ ሁልጊዜ ከላይኛው እርከን አይጀምርም ነበር፤ መነሻው የሚወሰነው በመጠኑ ነው። አንድ ድርሻ ባለቀበት ጊዜ ውስጥ ተጭኖ የማያልቅ ትልቅ ፕሮግራም ከዝቅ ያለ እርከን ይጀምራል፤ ለመጫን የሚወስደው ጊዜ ከሚሠራበት ጊዜ እንዳይበልጥ ነው። ተራ አስከባሪው ስለወደፊቱ ምንም ባያውቅም፣ የፕሮግራሙን መጠን ግን ያውቃል። የሚያውቀውን ያቺን አንዲት ነገር ሳያባክን ተጠቀመባት።

የእጥፉ ጥቅም በስሌት ሲታይ ግልጽ ይሆናል። 100 ድርሻ የሚፈልግ ረጅም ፕሮግራም አለ እንበል። ሁሉም እኩል አንድ አንድ ድርሻ እየወሰደ የሚዞር ቢሆን ኖሮ ይህ ፕሮግራም 100 ጊዜ መጫን ነበረበት። በእርከኖቹ ግን መጀመሪያ 1፣ ከዚያ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 ይወስዳል፤ ሲደመር 63 ነው። የቀረው 37 ድርሻ በሚቀጥለው የ64 ድርሻ ተራ ውስጥ ያልቃል። በጠቅላላው 7 ጊዜ ብቻ ተጫነ። ረጅሙ ሥራ ወደ ታች ሲወርድ የተቀጣ ይመስላል እንጂ በምትኩ ያገኘው ነገር አለ፤ ብዙም ሳይመጣ፣ ሲመጣ ግን ረጅም ጊዜ ሳይቋረጥ ይሠራል።

አሁን የሐሳቡን ልብ እንንካ። ተራ አስከባሪው የሚያደርገው ማንኛውንም እንግዳ «ይህ አጭር ነው» ብሎ መቀበል ነው። በዚህ ግምት ይሳሳታል፤ ነገር ግን ሁለቱ ስህተቶች እኩል ዋጋ የላቸውም። ረጅሙን አጭር ነው ብሎ ቢያስቀድመው የሚጠፋው አንድ ትንሽ ድርሻ ብቻ ነው፤ ድርሻው ሲያልቅ ስህተቱ ራሱ ይታረማል፣ ፕሮግራሙ አንድ እርከን ይወርዳል። አጭሩን ረጅም ነው ብሎ ከኋላ ቢያቆመው ግን የጠፋው ጊዜ የሚወሰነው ከፊት ባሉት ነው፤ ማለቂያው አይታወቅም። ስለዚህ በርካሹ ስህተት በኩል መሳሳትን መረጠ። ግብረ መልስ የሚባለውም ይኸው ነው፤ የተሰጠውን ድርሻ ሙሉ በሙሉ የበላ ፕሮግራም ቀጥሎም ብዙ እንደሚፈልግ ይገመታል፣ ጥቂት ሠርቶ ሰው ለመጠበቅ የቆመ ደግሞ ቀጥሎም እንዲሁ እንደሚያደርግ።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል በዛሬ ማሽን ላይ አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ቁጥሮቹን ለምሳሌው ያህል እኔ የመረጥኳቸው ናቸው። ባለ አንድ ኮር ኮምፒውተር ላይ 5 ከባድ ሥራዎች እየሄዱ ነው፤ ቪዲዮ መቀየር፣ ፋይል ማመቅ የመሳሰሉት፤ እያንዳንዳቸው ገና ብዙ ደቂቃ ይቀራቸዋል። በዚሁ ማሽን አንድ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል። በሰከንድ 5 ፊደል ይመታል እንበል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የጽሑፍ ፕሮግራሙ የ5 ሚሊ ሰከንድ ሥራ አለው፤ ፊደሉን መመዝገብ፣ መስመሩን ማስተካከል፣ ስክሪኑ ላይ መሳል።

ሁሉም በየ100 ሚሊ ሰከንዱ እየተቀያየሩ እኩል ይዙሩ ቢባል፣ አንድ ፊደል የተመታው የጽሑፍ ፕሮግራሙ ተራ ገና ካለፈ በኋላ ከሆነ 5ቱ ከባድ ሥራዎች እስኪዞሩ 500 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል። ግማሽ ሰከንድ ነው። ጸሐፊው በዚያ መሃል ሌላ ሁለት ፊደል መትቷል፤ ስክሪኑ ግን ገና ባለፈው ላይ ነው። ድርሻውን ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ብናወርደው ጥበቃው 50 ይሆናል፤ ይህ ለዓይን ደህና ነው። ነገር ግን ከባዶቹ ሥራዎች 10 እጥፍ ብዙ ጊዜ ይቋረጣሉ፤ በተቋረጡ ቁጥር ፕሮሰሰሩ በቅርብ የያዘላቸው ዳታ በሌሎች ዳታ እየተተካ ይጠብቃቸዋል። እኩል መዞር አጭሩንም ረጅሙንም በእኩል ያጉላላል።

እርከኖቹን እናምጣ። 4 እርከኖች አሉን፤ ድርሻቸው ከላይ ወደ ታች 10፣ 20፣ 40 እና 80 ሚሊ ሰከንድ። 5ቱ ከባድ ሥራዎች ላይኛው ላይ 10 10 ወስደው ይወርዳሉ፤ 50 ሚሊ ሰከንድ አለፈ። በሁለተኛው 100፣ በሦስተኛው 200 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል። ከ350 ሚሊ ሰከንድ በኋላ፣ ሰው ልብ ሳይል፣ 5ቱም ማንነታቸውን ራሳቸው ገልጠው ከታች ተቀምጠዋል። የጽሑፍ ፕሮግራሙ ግን 5 ሚሊ ሰከንድ ሠርቶ ቀጣዩን ፊደል ለመጠበቅ ስለሚቆም 10ሯን ድርሻ ጨርሶ አያውቅም፤ ላይ ይቀራል። ፊደል ሲመታ ከታች እየሄደ ያለው ሥራ ወዲያው ይቋረጣል፣ ጽሑፉ ይገባል፣ ከ5 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ይወጣል። ጥበቃው ዜሮ ነው ቢባል ይቻላል።

ከባዶቹስ ምን አጡ? በሰከንድ 5 ፊደል፣ ለአንዱ 5 ሚሊ ሰከንድ፤ በድምሩ ከ1,000 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ 25። የፕሮሰሰሩ 97.5 በመቶ አሁንም የእነሱ ነው። በመጀመሪያ ያየናት ተማሪ ግማሽ ደቂቃ ከመዘግየቷ በቀር ምንም እንዳላጣችው መሆኑ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያማረ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ጸሐፊው ሥራውን ሲለውጥ ነው። በረጅሙ ሰነድ ውስጥ አንድን ስም በሌላ ስም ተካልኝ ብሎ አዘዘ እንበል፤ ይህ 150 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። የጽሑፍ ፕሮግራሙ ላይኛው ላይ 10፣ ሁለተኛው ላይ 20፣ ሦስተኛው ላይ 40 ይወስዳል፤ 70 ሆነ። የቀረውን 80 ለመሥራት ወደ ታችኛው ወርዶ ከ5ቱ ኋላ ይሰለፋል፤ እስከ 400 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል። ይህ ራሱ አያስከፋም፤ ሙሉ ሰነድ የሚቀየርበትን ትእዛዝ የሰጠ ሰው ግማሽ ሰከንድ ይታገሣል። የሚያስከፋው ቀጥሎ የሚሆነው ነው። ጸሐፊው ተመልሶ ፊደል መምታት ይጀምራል፤ ፕሮግራሙ ግን ከታች ነው ያለው። በእርከኖቹ ደንብ ውስጥ መውረድ እንጂ መውጣት አልተጻፈም። ከአሁን ጀምሮ እያንዳንዱ ፊደል እስከ 400 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። አንድ ጊዜ ከባድ ሥራ ስለሠራ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ ተብሎ ቀረ።

ሁለተኛ ችግር አለ፤ ይህ በሌላው ወገን ያለ ነው። በዚያው ማሽን ላይ እንደዚያ የሚጽፉ ሰዎች 40 ቢደርሱ፣ እያንዳንዳቸው በሰከንድ 25 ሚሊ ሰከንድ ስለሚወስዱ ድምሩ 1,000 ይሆናል። ሙሉ ሰከንዱ አለቀ። ላይኛው እርከን ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ስለሌለ ከታች ያሉት 5 ሥራዎች አንድም ጊዜ አይደርሳቸውም። ቀስ ይላሉ ማለት አይደለም፤ ጭራሽ ይቆማሉ። ባለሙያዎች ይህን ስታርቬሽን፣ በቁሙ ረሃብ ይሉታል። ምልክቱም በቀላሉ ይለያል፤ ሥራው በዝርዝሩ ውስጥ «ለመሄድ ዝግጁ» ተብሎ ይታያል፣ ማንንም እየጠበቀ አይደለም፣ የተጠቀመበት የፕሮሰሰር ጊዜ ግን ደቂቃ አልፎ ደቂቃ ሲተካ ንቅንቅ አይልም።

ለሁለቱም የሚያገለግል አንድ መድኃኒት አለ፤ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ሁሉንም ፕሮግራም ወደ ላይኛው እርከን መመለስ። በየ1 ሰከንዱ ይሁን እንበል። ተርቦ የነበረው ሥራ ላይኛው ላይ ከሌሎቹ እኩል ይሰለፋልና ቢያንስ አንድ ድርሻ ያገኛል። ከባድ ሥራ ሠርቶ ወደ መጻፍ የተመለሰው ፕሮግራምም ከአንድ ሰከንድ በላይ ከታች አይቆይም።

ነገር ግን ይህ በነፃ የሚገኝ አይደለም። ሁሉም ወደ ላይ በተመለሱበት ቅጽበት የተመታ ፊደል 5ቱ ከባዶች 10 10 እስኪወስዱ ድረስ 50 ሚሊ ሰከንድ ሊጠብቅ ይችላል። በየሰከንዱ ከሆነ ይህን ማንም አያውቀውም። ምሕረቱን እናብዛ ብለን በየ50 ሚሊ ሰከንዱ ብንመልሳቸው ግን ከባዶቹ ከላይኛው እርከን ወርደው ሳይጨርሱ ተመልሰው ይወጣሉ፤ እርከኖቹ ትርጉም ያጡና ያ መጀመሪያ የሸሸነው እኩል መዞር ይመለሳል። በተቃራኒው በየደቂቃው ቢሆን፣ ያ ጸሐፊ እስከ አንድ ደቂቃ ድረስ በሚንቀረፈፍ ስክሪን ይሰቃያል። ትክክለኛውን ቁጥር የሚሰጥ ቀመር የለም፤ ማሽኑ ላይ ምን ዓይነት ሰዎችና ሥራዎች እንዳሉ እየታየ በልምድ የሚስተካከል ነው። ለእኔ የዚህ ዘዴ ትልቁ ድካም ይህ ነው።

ሌላው ፈተና ከብልጦች የሚመጣ ነው። ደንቡ «ድርሻህን ሙሉ ካልበላህ ላይ ትቆያለህ» የሚል ከሆነ፣ ደንቡን የሚያውቅ ፕሮግራመር ከባድ ሥራውን እንዲህ አድርጎ ይጽፈዋል፤ 9 ሚሊ ሰከንድ ያሰላል፣ ከዚያ ምንም የማይጠቅም አንድ ፊደል ፋይል ላይ ይጽፍና ለቅጽበት ይቆማል፣ ወዲያው ተመልሶ 9 ሚሊ ሰከንድ። 10ሯን ድርሻ አንድም ቀን አልጨረሰም፤ ስለዚህ ለተራ አስከባሪው ልክ እንደ ደብዳቤ ጸሐፊ ትሑት ሆኖ ይታያል። በእውነቱ ግን የፕሮሰሰሩን ከሞላ ጎደል ሙሉ ጊዜ እየበላ ነው፤ ከታች ያሉት 5 ሐቀኛ ሥራዎችም ይራባሉ። ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም። በካሊፎርኒያ በርክሌይ በተሠራው ኤክስዲኤስ 940 በተባለው ስርዓት ላይ፣ ተጠቃሚው የመስመር መጨረሻ ቁልፍን ሲጫን ፕሮግራሙ ወደ ላይኛው ምድብ ይወጣ ነበር። ከባድ ስሌት የያዘ አንድ ሰው በየጥቂት ሰከንዱ ቁልፏን በዘፈቀደ መጫን እንደሚያፈጥንለት እንደደረሰበትና ለጓደኞቹም እንደነገረ በኦፕሬቲንግ ሲስተም መማሪያ መጻሕፍት ይተረካል።

ማረሚያው የሒሳብ አያያዙን መለወጥ ነው። ፕሮግራሙ በአንድ ተራ ስንት ወሰደ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ በዚህ እርከን ላይ ከመጣ ጀምሮ በድምሩ ስንት ወሰደ ተብሎ ይቆጠራል። መሃል ላይ ቢቆምም ባይቆምም ቆጣሪው አይታጠብም። ጥበቡ ግን ጣሪያውን መምረጥ ላይ ነው። ጣሪያው ያው 10 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ደብዳቤ ጸሐፊውንም እንቀጣዋለን፤ በ5 ሚሊ ሰከንድ ሁለት ፊደል ሲመታ ኮታው አልቆ ይወርዳልና። ስለዚህ አንዱ ተራ 10 ሆኖ ይቆይና የላይኛው እርከን ጠቅላላ ኮታ 50 ሚሊ ሰከንድ ይሁን እንበል። ሁሉም በየሰከንዱ ወደ ላይ ሲመለስ ቆጣሪውም ከዜሮ ይጀምራል። ጸሐፊው በሰከንድ የሚወስደው 25 ነው፤ ከኮታው በታች ስለሆነ ሁልጊዜ ላይ ይኖራል። ብልጡ ፕሮግራም ግን በ6ኛው ተራው 50ው ያልቅበትና ይወርዳል፤ ቀሪውን ሰከንድ ከመሰሎቹ ጋር ተሰልፎ ያሳልፋል። አንዳቸውንም «አንተ ማን ነህ?» ሳይል ለያቸው።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያለ ትምህርት ብቻ እንዳይመስል፣ በሥራ ላይ ያለ አንድ ስርዓት ውስጥ እንግባ። ሰን ማይክሮሲስተምስ ያወጣው ሶላሪስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የእርከኖቹን ሠንጠረዥ ለአስተዳዳሪው ገልጦ ያሳያል፤ ሲፈልግም እንዲለውጠው ይፈቅድለታል። ትእዛዙና ከሠንጠረዡ 3 ረድፎች እነሆ፤

```
dispadmin -c TS -g

# ts_quantum  ts_tqexp  ts_slpret  ts_maxwait  ts_lwait  LEVEL
     200         0         50           0         50    #   0
     120        10         52           0         52    #  20
      20        49         59       32000         59    #  59
```

እዚህ ከ0 እስከ 59 ድረስ 60 እርከኖች አሉ፤ 59 ላይኛው ነው። የመጀመሪያው ዓምድ በሚሊ ሰከንድ የሚሰጠው ድርሻ ነው፤ ላይ 20፣ ታች 200። ሁለተኛው ዓምድ ድርሻውን ሙሉ የበላ ፕሮግራም የሚወርድበት እርከን ነው። እርከን 59 ላይ ያለ ፕሮግራም ድንገት ረጅም ስሌት ቢጀምር 20 ሚሊ ሰከንድ ወስዶ ወደ 49 ይወርዳል። ከዚያ ወደ 39፣ 29፣ 19፣ 9፣ በመጨረሻም ወደ 0። በመንገዱ ላይ የወሰዳቸው ድርሻዎች 20፣ 40፣ 80፣ 120፣ 160 እና 200 ናቸው፤ ሲደመሩ 620 ሚሊ ሰከንድ። የፕሮሰሰር ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ከጣሪያ ወለል ደረሰ።

ሦስተኛው ዓምድ ሶላሪስ ለዚያ ለተጎዳው ጸሐፊያችን የሰጠው መልስ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ነገር ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ለምሳሌ ቁልፍ ተመትቶለት ሲነቃ፣ በየትኛው እርከን እንደሚቀመጥ ይናገራል። እርከን 0 ላይ ወድቆ የነበረ እንኳ 50 ላይ ይነቃል። የሁሉንም ፕሮግራም መመለሻ ሰዓት መጠበቅ አላስፈለገውም፤ ሰው መጠበቁ ራሱ እንደ ማስረጃ ተቆጠረለት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ደግሞ ረሃብን ይከላከላሉ፤ ስርዓቱ በየሰከንዱ ያጣራል፣ ከተፈቀደው በላይ ድርሻውን ሳይጨርስ የቆየውን በ5ኛው ዓምድ ወዳለው እርከን ያነሣዋል። የታችኛው እርከን መጠበቂያ 0 መሆኑን ልብ ይሏል፤ ከታች ያለ ሥራ በሚቀጥለው ማጣሪያ 50 ላይ ሊደርስ ይችላል።

ዊንዶውስም ዘመድ የሆነ አሠራር አለው። በውስጡ 32 የቅድሚያ ደረጃዎች አሉ፤ ተራ ፕሮግራሞች የሚንቀሳቀሱት ከ1 እስከ 15 ባሉት ውስጥ ነው። ሲጠብቁት የነበረ ነገር ሲደርስላቸው ለጊዜው ከፍ ይላሉ፣ ድርሻቸውን በበሉ ቁጥር ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። ወደ 4 ሰከንድ ገደማ ዝግጁ ሆኖ ተራ ያላገኘ ካለ ደግሞ በየሰከንዱ የሚዞር ጠባቂ አግኝቶት ለአጭር ጊዜ ወደ 15 ያወጣዋል።

የዚህ ሁሉ መሠረት አንድ ግምት ነው፤ ከሰው ጋር የሚመላለስ ፕሮግራም ጥቂት ሠርቶ ብዙ ይጠብቃል የሚል። የጽሕፈት መኪና በነበረበት በ1962 ይህ ግምት ሙሉ በሙሉ እውነት ነበር። ዛሬ ግን የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ። በስክሪን ላይ የሚሮጥ የቪዲዮ ጨዋታ ፕሮሰሰሩን ያለማቋረጥ ይበላል፤ ሆኖም ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ እያንዳንዱን ምስል ይጠብቃል። በእርከኖቹ ዓይን ሲታይ ከፋይል አማቂው አይለይም። በተቃራኒው፣ ማንም ሰው የማያየው ከጀርባ ያለ ፕሮግራም ከዲስክ ጥቂት ጥቂት እያነበበ የሚኖር ከሆነ፣ ብዙ ስለሚጠብቅ ብቻ ደብዳቤ ጸሐፊ መስሎ ላይ ይቀመጣል።

በሊኑክስ የሆነው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የነበረው ተራ አስከባሪ ፕሮግራሞች ምን ያህል ጊዜ ተኝተው እንዳሳለፉ እየቆጠረ ከሰው ጋር የሚሠሩትን ለመለየት ይጥር ነበር። ግምቱ በተሳሳተ ቁጥር ሙዚቃ ይቆራረጣል፣ መስኮቶች ሲጎተቱ ይንገጫገጫሉ፤ ለእያንዳንዱ ቅሬታ አዲስ ልዩ ደንብ ሲጨመር ኮዱ ለመረዳት የሚያስቸግር ሆነ። በ2007 ሊኑክስ ያንን ትቶ ኢንጎ ሞልናር ወደጻፈው ሲኤፍኤስ ወደተባለው አሠራር ዞረ። እሱ ፕሮግራሙ ምን ዓይነት እንደሆነ አይገምትም፤ እስካሁን ከሁሉ ያነሰ የፕሮሰሰር ጊዜ ያገኘው ማነው ብሎ ያንን ያስቀድማል። ደብዳቤ ጸሐፊ ምን ጊዜም ከከባዶቹ ያነሰ ስለሚወስድ ፊደሉ ሲመታ ቀዳሚነቱ ከእሱ አይወጣም። መንገዱ ይለያይ እንጂ ጥቂት የሚፈልገውን ካለፈ ታሪኩ አይቶ ማስቀደሙ አልቀረም።

ዊንዶውስ ደግሞ ከእርከኖቹ ሳይወጣ ሌላ ማስረጃ ጨመረ። በሰው ፊት ለፊት የተከፈተው መስኮት የትኛው እንደሆነ ስርዓቱ ያውቃል። ስለዚህ ለግል ኮምፒውተር በሚሸጡት የዊንዶውስ ዓይነቶች፣ ከፊት ያለው መስኮት ባለቤት የሆነው ፕሮግራም ድርሻው ከሌሎቹ በ3 እጥፍ ይረዝማል። ያ ፕሮሰሰሩን ያለማቋረጥ የሚበላው ጨዋታም፣ መስኮቱ ከፊት እስካለ ድረስ፣ በባሕርዩ ሊያሳይ ያልቻለውን በዚህ በኩል ያገኛል።